የአስተያየት ጽሑፍ ስታጠቃልሉ የማን ሐሳብ የማን እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ?

«ማጠቃለያዬን "ጸሐፊው እንዲህ አላለም" ብለው መለሱልኝ፤ ግን ጽሑፉ ላይ አለ እኮ!» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂውም መላሹም ልክ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ጽሑፉ ላይ አለ። የተጻፈው ግን የጸሐፊው እምነት ስለሆነ አይደለም። ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ሊያፈርሰው ፈልጎ ነው ያመጣው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው አንድ ነገር ላይ ነው። አንድን ርእሰ አንቀጽ ወይም የአስተያየት ጽሑፍ ወስዳችሁ ዋናውን አቋም፣ አቋሙን የሚደግፉትን ምክንያቶች፣ እንዲሁም ጽሑፉ ምላሽ የሰጠባቸውን ተቃውሞዎች ለየብቻ ታወጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ማጠቃለያውን መጻፍ ቀላል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ልትጽፉበት የምትችሉት የጽሑፉ ቅጂ። በስክሪን ብቻ ማንበብ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ዳርና ዳሩ ላይ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።
- ሦስት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች። ከሌሉ አንድ እርሳስ ይበቃል፤ በቀለም ፋንታ «አ» (አቋም)፣ «ም» (ምክንያት)፣ «ተ» (ተቃውሞ) እያላችሁ ትጽፋላችሁ።
- በሦስት ዓምድ የተከፈለ አንድ ገጽ ወረቀት።
- አንድ ሰዓት ገደማ። የለመደ ሰው ከዚያ ባነሰ ይጨርሳል።

የምንሠራበት ጽሑፍ

በባዶ ከማውራት አንድ ጽሑፍ ይዘን እንሂድ። ለዚህ መመሪያ ብዬ የጻፍኩት አጭር የአስተያየት ጽሑፍ ይኸውና። አንቀጾቹን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

> [1] አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የተዋሰውን መጽሐፍ አልጋ ሥር ረስቶት ሦስት ወር አለፈ። ሲያገኘው ደስ አላለውም፤ ደነገጠ። ቅጣቱ ተጠራቅሟል። እናቱ የምትከፍለው የላትም። ልጁ መጽሐፉንም አልመለሰም፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱም ድርሽ አላለም።
>
> [2] ቅጣቱ የተጣለው መጽሐፉ እንዲመለስ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በየቀኑ የሚጨምር ዕዳ ሰውን ያሸሻል። የፈራ ሰው መጽሐፉን ይደብቃል እንጂ ይዞ አይመጣም።
>
> [3] ከዚህም በላይ ቅጣቱ ሁሉንም እኩል አይነካም። ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይወጣል፤ ለእሱ ቅጣቱ እንደ ኪራይ ነው። የሌለው ግን የአባልነት ካርዱ ይታገዳል። ነጻ የንባብ ቦታ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ቀድሞ ይባረራል።
>
> [4] ቅጣት ከሌለ ማንም መጽሐፍ በጊዜው አይመልስም የሚል ስጋት አለ። ሰው ያለ ግዴታ ኃላፊነት አይሰማውም። ሌላው ተራ እየጠበቀ መጽሐፉ አንድ ሰው ቤት ተቀምጦ ይከርማል። ይህ ቀላል ስጋት አይደለም። ነገር ግን ግዴታ ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ተዋሹ የያዘውን እስኪመልስ ሌላ መጽሐፍ አለመስጠት ይቻላል። ይህ ደግሞ ያለውንም የሌለውንም እኩል ይይዛል።
>
> [5] እርግጥ ነው፣ ከቅጣት የሚገኘው ገንዘብ ይቀራል። ግን ያንን ገንዘብ ለመሰብሰብ ሠራተኛ ይመደባል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አቤቱታ ይሰማል። ወጪውን እንኳ የማይሸፍን ነገር ገቢ ሊባል አይችልም።
>
> [6] የጠፋ ወይም የተቀደደ መጽሐፍ ዋጋ መከፈሉ ይቀጥል። የመዘግየት ቅጣት ግን ለልጆችም ለአዋቂዎችም ሙሉ በሙሉ ይነሣ። የቤተ መጻሕፍት ሥራ መጽሐፉን ማስመለስ እንጂ ሰውን ማስከፈል አይደለም።

1. እስክሪብቶ ሳትይዙ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አንብቡ

በመጀመሪያው ንባብ ማስመር የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳታዩ የመጀመሪያው አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ማወቅ አትችሉም። የአስተያየት ጸሐፊ ብዙ ጊዜ በታሪክ ወይም በአንድ ገጠመኝ ይጀምራል። ገና ሲጀምር የሚያሰምር ሰው ያቺን ታሪክ ያሰምርና ከዚያ በኋላ ማጠቃለያው በሙሉ በእሷ ዙሪያ ይዞራል። ስለ ልጁና ስለ አልጋው አራት ዓረፍተ ነገር የጻፈ፣ ስለ ቅጣቱ መነሣት ግን አንድም ቃል ያልተነፈሰ ማጠቃለያ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ አንቀጾቹን ቁጥር ስጧቸው። ቁጥሩ በኋላ ለማመሳከር ያስፈልገናል።

2. ዋናውን አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ርእሰ ጉዳይና አቋም አንድ አይደሉም። «የቤተ መጻሕፍት ቅጣት» ርእሰ ጉዳይ ነው። «የመዘግየት ቅጣት ይነሣ» አቋም ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ጠይቁት።

አንደኛ፣ «አይ፣ አልስማማም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል? «ጽሑፉ ስለ ቅጣት ይናገራል» በሚለው ላይ ማንም አይጣላም፤ ስለዚህ አቋም አይደለም። «ቅጣቱ ይነሣ» ሲባል ግን የሚቃወም ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ «ለምን?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሌሎቹ አንቀጾች መልስ ይሆናሉ? ይህ ጥያቄ አቋምን ከምክንያት ይለያል። ለምሳሌ ጥሩ አንባቢዎች እንኳ «ቅጣቱ ሁሉንም እኩል አይነካም» የሚለውን አቋም አድርገው ያወጡታል። እስቲ «ለምን?» በሉት። አንቀጽ 2 መልስ ይሆናል? አይሆንም፤ ዕዳ ሰውን ያሸሻል የሚለው ነጥብ ከእኩልነት ጋር አይገናኝም። አሁን ደግሞ «ቅጣቱ ይነሣ» የሚለውን «ለምን?» በሉት። አንቀጽ 2ም አንቀጽ 3ም መልስ ይሆናሉ። ስለዚህ አቋሙ ይኸኛው ነው።

አቋሙን ስትጽፉ ወሰኑንም አብራችሁ ጻፉ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጸሐፊው «ቅጣት በሙሉ ይቅር» አላለም። የጠፋና የተቀደደ መጽሐፍ ዋጋ መከፈሉ ይቀጥል ብሏል። ደግሞም «ለልጆች ብቻ» አላለም፤ አዋቂዎችንም ጨምሯል። እንዲህ ያሉ ወሰኖች ትንሽ ቢመስሉም ሲቀሩ አቋሙ ሌላ ይሆናል። «ብቻ»፣ «ሁሉም»፣ «አብዛኛው»፣ «እስከዚያው ድረስ»፣ «ካልሆነ በስተቀር» የሚሉ ቃላትን አቋሙ ባለበት አካባቢ ፈልጉ።

በመጀመሪያው ዓምድ እንዲህ ይጻፋል፦ «የመዘግየት ቅጣት ለሁሉም ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ የጠፋና የተበላሸ መጽሐፍ ዋጋ ግን ይከፈል። [6]»

አቋሙ የተገኘው የመጨረሻው አንቀጽ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይሆናል፣ አንዳንድ ጊዜ መሐል። አልፎ አልፎ ደግሞ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አይጽፈውም፤ ከምክንያቶቹ ተነሥታችሁ እናንተ ትጽፉታላችሁ። ያን ጊዜ ከአንቀጽ ቁጥሩ ፋንታ «ከአጠቃላዩ» ብላችሁ መዝግቡ።

3. ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «የሚናገረው ማነው?» በሉ

አብዛኛው ሰው አቋሙን ካገኘ በኋላ በቀጥታ ወደ ምክንያቶቹ ይሮጣል። አትሩጡ። መጀመሪያ ድምፆቹን ለዩ። ድምፅ ሳትለዩ ምክንያት ከሰበሰባችሁ የተቃዋሚው ምክንያት ከጸሐፊው ምክንያት ጋር ተደባልቆ ይገባል።

በአማርኛ ይህ ስሕተት በተለይ የሚያታልለው በሰዋስዋችን ምክንያት ነው። ግሳችን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ቅጣት ከሌለ ማንም መጽሐፍ በጊዜው አይመልስም» ብላችሁ ስታነቡ እስከዚያ ድረስ ጸሐፊው ራሱ የሚናገር ይመስላል። የሐሳቡ ባለቤት የሚታወቀው ጭራው ላይ ነው፦ «…የሚል ስጋት አለ»። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚያነብ ሰው ሐሳቡን ይይዝና ጭራውን ይለቃል።

ጭራዎቹን ተለማመዷቸው። «ይላሉ»፣ «ይባላል»፣ «የሚሉ አሉ»፣ «ይባል ይሆናል»፣ «የሚመስላቸው ብዙ ናቸው»፣ «የሚል ክርክር ይነሣል»። እነዚህ ሲመጡ ከፊታቸው ያለው ሐሳብ በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው። «እርግጥ ነው»፣ «መቼም»፣ «ለነገሩ» ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ይመጡና ጸሐፊው የሌላውን ወገን ነጥብ ሊያነሣ ወይም በከፊል ሊቀበል መሆኑን ይጠቁማሉ። «ነገር ግን»፣ «ሆኖም»፣ «ይሁን እንጂ» ወይም ባዶ «ግን» ሲመጣ ድምፁ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል።

ከባዱ ነገር ጭራ የሌላቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንቀጽ 4ን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የሚል ስጋት አለ» ይላል። ሁለተኛው «ሰው ያለ ግዴታ ኃላፊነት አይሰማውም» ይላል፤ ጭራ የለውም። ሦስተኛውም የለውም። ጸሐፊው «ይላሉ፣ ይላሉ» እያለ መደጋገም ስላልፈለገ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቁሞ ቀጠለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ለብቻቸው ቆርጣችሁ ብታወጧቸው ጸሐፊው የተናገራቸው ይመስላሉ። የመመሪያው መነሻ የሆነው «ጽሑፉ ላይ አለ እኮ» የሚለው ንትርክ የሚነሣው እዚህ ጋ ነው።

መፈተኛው ይኸውላችሁ። የተጠራጠራችሁበት ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ…» ብላችሁ ጨምሩና አቋሙን አስከትሉ። «ሰው ያለ ግዴታ ኃላፊነት አይሰማውም። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ቅጣቱ ይነሣ።» አይሄድም። ሐሳቡ የተቃዋሚው ነው። «በየቀኑ የሚጨምር ዕዳ ሰውን ያሸሻል። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ቅጣቱ ይነሣ።» ይሄዳል። የጸሐፊው ነው።

ይህ መፈተኛ ግን አንድ ቦታ ላይ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ጸሐፊ አንዳንድ ጊዜ ከአቋሙ ጋር የማይሄድ ነገር አምኖ ይቀበላል። አንቀጽ 5 ላይ «ከቅጣት የሚገኘው ገንዘብ ይቀራል» የሚለውን ጸሐፊው አልካደም፤ «እርግጥ ነው» ብሏል። ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ነጥብ ነው፣ ጸሐፊውም ተቀብሎታል። እንዲህ ያለውን «ተ» ብላችሁ አጠገቡ «ተቀብሏል» ብላችሁ ጻፉ። በደረጃ 5 እንመለስበታለን።

የጥያቄ መልክ ካለው ዓረፍተ ነገርም ተጠንቀቁ። «ታዲያ ቅጣት ከሌለ ማን ይመልሳል?» የሚል ዓረፍተ ነገር የተቃዋሚው ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ሊመልሰው ያነሣው ጥያቄም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳታነቡ አትወስኑ። አሽሙርም እንዲሁ ነው። «ድሃውን አስወጥቶ መደርደሪያ መጠበቅ፤ ግሩም አሠራር!» ያለ ጸሐፊ እያሞገሰ አይደለም። አሽሙርን ስታጠቃልሉ ጸሐፊው ማለት የፈለገውን በቀጥታ ጻፉ እንጂ ቃሉን አትቅዱ።

4. ምክንያቶቹን ሰብስቡ፣ ከምሳሌዎቻቸው ለዩ

አሁን የተቃዋሚው ድምፅ ስለወጣ የቀረው የጸሐፊው ነው። ከአቋሙ ጋር «ምክንያቱም» በሚል ቃል ሊገናኝ የሚችለው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ይገባል።

እዚህ ያለው ሥራ መቁጠር ነው። ጽሑፉ ውስጥ ስንት ምክንያት አለ? አንቀጽ 1፣ 2፣ 3 ስላሉ ሦስት ይመስላል። አይደለም፤ ሁለት ነው። የልጁ ታሪክ ራሱን የቻለ ምክንያት አይደለም፤ የአንቀጽ 2 ምሳሌ ነው። «ዕዳ ሰውን ያሸሻል» የሚለውን በአንድ ልጅ ላይ ያሳየናል። እናቱ የምትከፍለው እንደሌላት መነገሩም ለአንቀጽ 3 መንገድ ይጠርጋል። ታሪኩን ብታወጡት ክርክሩ ሳይነካ ይቆማል። አንቀጽ 2ን ብታወጡት ግን ክርክሩ አንድ እግሩን ያጣል። በዚህ ማውጣትና ማየት ምክንያትን ከምሳሌ መለየት ይቻላል።

አንቀጽ 3 ውስጥም አራት ዓረፍተ ነገር አለ። አራት ምክንያት ግን አይደለም። ሁሉም አንድ ነገር ያብራራሉ፦ ቅጣቱ የሚያርቀው መክፈል የማይችለውን ነው።

በሁለተኛው ዓምድ፦

- «በየቀኑ የሚጨምር ዕዳ ሰውን ስለሚያስፈራ መጽሐፉ ሳይመለስ ይቀራል። [2፤ ምሳሌ፦ 1]»
- «ቅጣቱ ካለው ይልቅ የሌለውን ይጎዳል፣ ከቤተ መጻሕፍትም ያርቃል። [3]»

በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ከጽሑፉ ቃል በቃል የምትገለብጡ ከሆነ ገና አልገባችሁም ማለት ሊሆን ይችላል። በራስ ቃል መጻፍ ሲያቅታችሁ ወደ አንቀጹ ተመለሱ፤ የተቸገራችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ግልጽ ያላደረገው ቦታ ነው።

5. ተቃውሞውን ከምላሹ ጋር አጣምራችሁ መዝግቡ

ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ተቃውሞ ብቻውን አይገባም። ሁልጊዜ ጥንድ ነው፦ ተቃውሞው፣ ቀጥሎ ምላሹ። ብቻውን የተጻፈ ተቃውሞ ወደ ማጠቃለያው ሲሄድ ባለቤት ያጣና የጸሐፊው ሐሳብ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ምላሹ ምን ዓይነት እንደሆነም ጻፉ። በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። ጸሐፊው «ይህ እውነት አይደለም» ብሎ ሊክድ ይችላል። «እውነት ነው፣ ግን ያን ያህል አይከብድም» ወይም «ሌላ መፍትሔ አለው» ሊል ይችላል። ወይም ደግሞ «እውነት ነው» ብሎ የራሱን አቋም ሊያጠብ ይችላል። እነዚህን ማደባለቅ ጸሐፊውን ካለበት ቦታ ማንቀሳቀስ ነው። «ስጋቱን ውድቅ አደረገ» እና «ስጋቱን ተቀብሎ ሌላ መፍትሔ አቀረበ» በጣም የተለያዩ ናቸው።

በምሳሌያችን፦

- ተቃውሞ፦ «ቅጣት ከሌለ መጽሐፍ በጊዜው አይመለስም።» ምላሽ፦ «ስጋቱ ቀላል አይደለም፤ ግን የያዙትን እስኪመልሱ ሌላ አለማዋስም ግዴታ ነው፣ ሁሉንም እኩል ይይዛል።» ዓይነቱ፦ ተቀብሎ ሌላ መፍትሔ። [4]
- ተቃውሞ፦ «ገቢ ይቀራል።» ምላሽ፦ «የማስከፈያው ወጪ ከገቢው ይበልጣል።» ዓይነቱ፦ ገንዘቡ መቅረቱን ተቀብሎ ክብደቱን መካድ። [5]

አንቀጽ 6 ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። «የጠፋ ወይም የተቀደደ መጽሐፍ ዋጋ መከፈሉ ይቀጥል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላልተነገረ ተቃውሞ የተሰጠ ምላሽ ይመስላል፤ «ታዲያ መጽሐፉን የጣለውስ በነጻ ይለቀቅ?» ለሚል ሰው። ተቃውሞው ግን በግልጽ አልተጻፈም። እኔ እንዲህ ያለውን በተቃውሞ ዓምድ አላስገባውም። አቋሙ ላይ እንደ ወሰን አድርጌ እተወዋለሁ። ያልተጻፈ ተቃውሞ ማስገባት ከጀመራችሁ የት እንደምታቆሙ አታውቁም።

በዚሁ ምክንያት እናንተ ራሳችሁ ያሰባችሁት ተቃውሞም እዚህ አይገባም። «ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቢከለከል ምን ይጎዳዋል?» ብላችሁ ልታስቡ ትችላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የአንቀጽ 4ን ምላሽ በደንብ ይፈትነዋል። ቦታው ግን ሂስ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

6. ማጠቃለያውን ጻፉ

ቅደም ተከተሉ የጽሑፉ ሳይሆን የዓምዶቹ ይሁን፦ አቋም፣ ምክንያቶች፣ ተቃውሞና ምላሽ። ጸሐፊው አቋሙን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው አንባቢን እያግባባ ለመውሰድ ነው። የእናንተ አንባቢ ግን መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ጽሑፉ ምን እንደሚል ነው።

ርዝመቱ ካልተነገራችሁ የጽሑፉን አንድ አራተኛ ገደማ አድርጉት። ስምንት መቶ ቃል ላለው ጽሑፍ ሁለት መቶ ቃል ይበቃል። የኛ ምሳሌ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አይጨመቅም።

> ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን ለሁሉም ተዋሾች እንዲያነሡ፣ የጠፋና የተበላሸ መጽሐፍ ዋጋ ግን መከፈሉ እንዲቀጥል ይጠይቃል። ሁለት ምክንያቶች ያቀርባል። አንደኛ፣ በየቀኑ የሚያድግ ዕዳ ተዋሹን ስለሚያስፈራው መጽሐፉ ሳይመለስ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ከቤተ መጻሕፍት የሚያርቀው መክፈል የማይችለውን ነው። ቅጣት ከሌለ መጽሐፍ በጊዜው አይመለስም የሚለውን ስጋት ጸሐፊው ክብደት ይሰጠዋል፤ ሆኖም የያዙትን እስኪመልሱ ሌላ አለማዋስ ሁሉንም እኩል የሚይዝ ግዴታ ነው ሲል ይመልሳል። ገቢ እንደሚቀር ቢያምንም፣ የማስከፈያው ወጪ ከገቢው እንደሚበልጥ ይከራከራል።

ልጁ የለም። ኪራዩ የለም። አቤቱታውና ደብዳቤውም የሉም። ክርክሩ ግን ሙሉ ነው።

ስለ ግሶቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ይጠይቃል»፣ «ይከራከራል»፣ «ይመልሳል»፣ «ቢያምንም» እያልኩ ጽፌአለሁ። «አረጋገጠ» ወይም «አሳየ» አላልኩም። አንቀጽ 5 የማስከፈያው ወጪ ከገቢው እንደሚበልጥ ሲናገር አንድም ቁጥር አላቀረበም። «አረጋገጠ» ብል ጸሐፊው ያላደረገውን አደረገ ማለቴ ነው፣ እኔም ሳላውቀው ደጋፊው ሆንኩ። በተቃራኒው «ይለፈልፋል» ወይም «ሊያሳምነን ይሞክራል» ማለት ማሽሟጠጥ ነው። ሁለቱም ከማጠቃለያ ይውጡ።

ሌላው ደግሞ የባለቤት ጉዳይ ነው። ጽሑፉ የጋዜጣው ርእሰ አንቀጽ ከሆነና የጸሐፊ ስም ከሌለው «ጸሐፊው» ሳይሆን «ርእሰ አንቀጹ» ወይም «ጋዜጣው» በሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚናገረው በዝግጅት ክፍሉ ስም ነው።

7. ወደ ኋላ ሄዳችሁ አመሳክሩ

ከእያንዳንዱ የማጠቃለያ ዓረፍተ ነገር አጠገብ የአንቀጹን ቁጥር ጻፉ። ቁጥር ያጣ ዓረፍተ ነገር ካለ ከእናንተ የመጣ ነው፤ ሰርዙት። የሁለቱን ምክንያቶች መምጣት እንደሚያበስረው ዓይነት ማያያዣ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይታለፋል። ከዚያ በተቃራኒው ሂዱ፦ የትኛው አንቀጽ ቁጥሩ አልተጠቀሰም? በኛ ምሳሌ አንቀጽ 1 አልተጠቀሰም፤ ምሳሌ ስለሆነ ችግር የለውም። አንቀጽ 4 ሳይጠቀስ ቢቀር ግን ችግር ነበር።

ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ካገኛችሁ ማጠቃለያውን ስጡትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ጸሐፊው ምን እንዲሆን ይፈልጋል? የሚቃወሙትስ ምን ይላሉ?» ሁለቱን ሳይቀያይር ከመለሰ ሥራው ተጠናቋል። ከቀያየረ የተሳሳተው እሱ አይደለም፤ የሆነ ቦታ «ለሚለው»፣ «የሚለውን» ወይም «ቢያምንም» የሚል ማያያዣ አስቀርታችኋል።

የተበላሸ ማጠቃለያ ምን ይመስላል?

ይህን ተመልከቱ፤ የሚደርሱኝን ብዙዎቹን አስመስዬ የጻፍኩት ነው።

> ጽሑፉ ስለ ቤተ መጻሕፍት ቅጣት ይናገራል። አንድ ልጅ መጽሐፍ አልጋ ሥር ረስቶ ሦስት ወር ቆየ። ቅጣት ድሆችን ይጎዳል። ሰው ያለ ግዴታ ኃላፊነት አይሰማውም። ስለዚህ ያልመለሰ ሰው ሌላ መጽሐፍ ሊሰጠው አይገባም። ጸሐፊው ቅጣት በሙሉ መቅረት እንዳለበት አረጋግጧል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ርእሰ ጉዳይ እንጂ አቋም አይደለም። ሁለተኛው ምሳሌ ነው፣ ከየትኛው ምክንያት ጋር እንደሚሄድም አልተነገረም። ሦስተኛው ልክ ነው፣ ግን «ጸሐፊው ይላል» ስላልተባለ ማጠቃለያውን የጻፈው ሰው ራሱ የሚናገር ይመስላል። አራተኛው ዋናው ጥፋት ነው፦ የተቃዋሚው ሐሳብ ያለ ባለቤት ገብቷል። አምስተኛው ደግሞ ጥፋቱን ያባብሰዋል። «ስለዚህ» በሚል ቃል የጸሐፊውን ምላሽ የተቃዋሚው ሐሳብ ውጤት አስመስሎታል። መጨረሻው ላይ አቋሙ ወሰኑን አጥቷል፣ «አረጋግጧል» የሚል ግስም ተጨምሮበታል።

ይህንን ለማስተካከል ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «የሚል ስጋት መኖሩን ጸሐፊው ይቀበላል» ብላችሁ ጭራውን መልሱለት። አምስተኛው ላይ «ስለዚህ» የሚለውን በ«ነገር ግን» ተኩና «በገንዘብ ፋንታ ይህን ማድረግ እንደሚቻል ይመልሳል» በሉ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከነወሰኑ ወደ መጀመሪያው አምጡት፣ «አረጋግጧል» የሚለውንም «ይከራከራል» አድርጉት። ስለ ልጁ የሚናገረውን ሰርዙና የአንቀጽ 2ን ምክንያት በቦታው አስገቡ።